መስቀል አደባባይን ተመላልሶ 100 ኪሎ ሜትር፦ የአንድ ሌሊት ዕቅድ

100 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ተራራና ጫካ ፍለጋ መሄድ ግድ አይደለም። መሀል አዲስ አበባ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ረዳት ይዞ፣ ከመስቀል አደባባይ በስታዲየምና በለገሃር አድርጎ ሜክሲኮ ድረስ እየተመላለሱ መጨረስ ይቻላል። ዕቅዱ የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። እርምጃው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ይገባል። ሲደክመኝ እራመዳለሁ ብሎ የወጣ ሰው እርምጃ የሚጀምረው እግሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እርምጃው ዕረፍት መሆኑ ይቀራል። ምግቡም፣ ውሃውም፣ የሌሊቱ እንቅልፍም የሚታቀዱት በዚሁ የሩጫና የእርምጃ ቅንብር ላይ ነው።

ይህ ዕቅድ ቢያንስ አንድ ማራቶን ለጨረሰ ወይም በሳምንቱ መጨረሻ አምስትና ስድስት ሰዓት በእግሩ መቆየት ለለመደ ሰው ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ስለሆነች፣ ከቆላ የመጣ ሰው ከመሞከሩ በፊት ጥቂት ሳምንታት እዚህ ይልመድ።

1. ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

የሚመረጠው ወር ጥቅምትና የህዳር መጀመሪያ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበትን ሳምንት ዝለሉት፣ አደባባዩ በዝግጅት ይጨናነቃል። እሁድ ጠዋት ለመቁረብ ያሰበ ሰውም ሌላ ቀን ይፈልግ፤ ሌሊቱን ሙሉ መብላት ግዴታ ነውና።

መነሻ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሁን። በዚያ ሰዓት ከስታዲየም እስከ ለገሃር ያለው የእግረኛ መንገድ በሰው ይሞላል፤ እሱም ጥቅም አለው። መጀመሪያ ላይ ጉልበት ሞልቶ እግር ወደፊት ሲጎትት፣ ግርግሩ በግድ ያዘገያችኋል። ምሽት 3 ሰዓት ላይ መንገዱ ይለቃል። በጣም የሚከብዱት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ይነጋል፣ የመጨረሻዎቹን ዙሮች በፀሐይ ትጨርሳላችሁ። የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ወደ ታች ስንደርስ ይገባችኋል።

2. መንገዱን መለካት

ደርሶ መልሱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ በሰዓታችሁ ለኩት፣ ልክ 4 ኪሎ ሜትር እንዲመጣም ሜክሲኮ አካባቢ መዞሪያችሁን ወደፊት ወይም ወደኋላ አድርጉት። 25 ዙር 100 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት አእምሮ ሲደክም ከኪሎ ሜትር ይልቅ ዙር መቁጠር ይቀላል፤ ረዳቱም ወረቀት ላይ አንድ ጭረት መጨመር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

መንገዱን የመረጥኩት ለጥ ያለ ስለሆነ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣው ዳገት መልኩ ቢያምርም፣ ሃያ ምናምን ጊዜ ወጥቶ መውረድ የጭን ጡንቻን ይጨርሰዋል። የቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ ደግሞ ሌሊት ለሚመላለስ ሰው አይሆንም። በሜክሲኮ መስመር የቀላል ባቡሩ ድልድይ አብሮ ስለሚሄድ ድንገት ካፊያ ቢመጣ መጠለያ አለ። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ግን ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በካፊያ ጊዜ ሩጫውን ትታችሁ በእርምጃ እለፉት።

ሌሊት ብቻችሁን አትሩጡ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት ከረዳቶቹ ሌላ ቢያንስ አንድ አጃቢ በብስክሌት ወይም በእግር አብሯችሁ ይሁን። መታወቂያ ያዙ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ፣ የግንባር ባትሪ እሰሩ። በዋዜማው አቅራቢያ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የምትሠሩትን ንገሯቸው። አምስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ "ወዴት ነው?" ተብሎ ከመቆም ያድናል። ውሻ ሲመጣ ሩጫውን አቁሙና ተራመዱ፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 መሆኑን ረዳቶቹ ስልካቸው ላይ ይመዝግቡ።

3. ሩጫውንና እርምጃውን ማቀናበር

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሥራው፤ የቀረው ሁሉ የሚከተለው ይህን ነው።

በ16 ሰዓት አካባቢ መጨረስ የሚፈልግ ሰው እንውሰድ። ሩጫ ስል ሶምሶማ ማለቴ ነው፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ተኩል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወሩ። እርምጃው ደግሞ አንዱ ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ተኩል፣ ታክሲ እንዳያመልጠው እንደሚሄድ ሰው ፈጠን ያለ ነው። 8 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ። ይህ ሲደባለቅ አንዱ ኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ዙሩ 32 ደቂቃ ይሆናል። ጠረጴዛው ጋ 2 ደቂቃ ጨምሩበት፦ 34 ደቂቃ። የመጀመሪያዎቹ 10 ዙሮች እንዲህ ናቸው። 40 ኪሎ ሜትር ስትደፍኑ ሰዓቱ ምሽት 3፡40 ነው።

ከ11ኛው እስከ 18ኛው ዙር 6 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 4 ደቂቃ እርምጃ አድርጉት። ሶምሶማውም ትንሽ ይዘገያል። ዙሩ 38 ደቂቃ ይሆናል። 72 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሌሊት 8፡44 ነው።

የመጨረሻዎቹ 7 ዙሮች 3 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 3 ደቂቃ እርምጃ ናቸው። ጠረጴዛው ጋ የሚጠፋው ጊዜም ወደ 5 ደቂቃ ያድጋል፣ ዙሩ 44 ደቂቃ ይመጣል። መጨረሻው እሁድ ጠዋት 1፡52 ላይ ነው።

መዘግየቱን ዕቅዱ ውስጥ አስቀድመን እንዳስገባነው ልብ በሉ። ሁሉንም ዙር በ34 ደቂቃ አስልቶ የወጣ ሰው ከ12ኛው ዙር በኋላ በየዙሩ "ወደኋላ ቀረሁ" እያለ ይሯሯጣል፤ ያ ሩጫ ነው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር የሚያስቀምጠው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዙሮች አንዱን ከ33 ደቂቃ በታች ከጨረሳችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የተረፈውን ደቂቃ ጠረጴዛው ጋ ቆማችሁ አሳልፉት።

ማታ በየደቂቃው የሚጮህ ሰዓት አእምሮን ያደክማል። ስለዚህ በቀን ብርሃን በሚሮጡት ዙሮች የእርምጃ ቦታዎቹን በምልክት ያዙ፦ ከጠረጴዛው እስከ ስታዲየሙ ማዕዘን እርምጃ፣ ከዚያ እስከ ለገሃር ሶምሶማ፣ ወዘተ። ሲጨልም ሰዓት ሳታዩ እግራችሁ ራሱ ያውቀዋል። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ደግሞ የመብራት ምሰሶ ቁጠሩ፤ የተወሰነ ምሰሶ ሶምሶማ፣ ያንኑ ያህል እርምጃ።

4. ጠረጴዛውን ማዘጋጀት

አንድ ጣቢያ ይበቃል፣ ቦታውም መኪና ማቆም በተፈቀደበት የመስቀል አደባባይ ጥግ ይሁን። በየ34 ደቂቃው ስለምትመለሱ ይዛችሁ የምትሮጡት አንድ ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሌሊቱን ክፍት የሆነ መፀዳጃ ቤት የት እንዳለ በዋዜማው አረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ረዳቶቹ ሁለት ይሁኑና ይፈራረቁ። አንዱ ከመነሻው እስከ ሌሊት 7 ሰዓት፣ ሌላው ቤቱ ተኝቶ መጥቶ ከዚያ እስከ መጨረሻው። ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ ከቆዩ ንጋት ላይ ሦስታችሁም እኩል የደነዘዛችሁ ትሆናላችሁ።

ረዳቱ አንድ ወረቀት ይያዝ። የዙሩ ቁጥር፣ የገቡበት ሰዓት፣ ምን በሉ፣ ምን ያህል ጠጡ፣ ሽንት ሸኑ ወይስ አልሸኑም። ከ60 ኪሎ ሜትር በኋላ "በልቻለሁ" የሚል ሯጭ አይታመንም፤ የሚታመነው ወረቀቱ ነው። "ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ መጠየቅም አይጠቅምም፣ መልሱ ሁልጊዜ "ምንም" ነውና። ረዳቱ ምግቡን እጁ ላይ ያስይዘውና "እየሄድክ ብላ" ይበለው። የእርምጃው ቦታ ከጠረጴዛው ቀጥሎ እንዲሆን ያደረግነውም ለዚህ ነው። መብሉና እርምጃው አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ ቆሞ በመብላት የሚጠፋ ጊዜ አይኖርም።

ወንበሩን ከጠረጴዛው ፊት አታስቀምጡት። መኪናው ውስጥ ይቆይ፣ ካልሲ ለመቀየር ወይም በዕቅድ ለመተኛት ብቻ ይውጣ።

5. የሚበላውና የሚጠጣው

ስሌቱ ቀላል ነው፦ በየዙሩ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት፤ የምግቡ ክብደት ሳይሆን በውስጡ ያለው ኃይል ሰጪ ክፍል። በመጀመሪያ ዙሮች ይህ በሰዓት 50 ግራም አካባቢ ይሆናል፣ በመጨረሻዎቹ 40 አካባቢ። ሆድ ሲደክም መጠኑም አብሮ ይቀንሳል ማለት ነው።

30 ግራም ማለት አንድ ትልቅ ሙዝ ነው። ወይም እንቁላል የሚያካክሉ ሁለት ሦስት ቅቅል ድንች በጨው። ወይም ግማሽ ዳቦ ማር ተቀብቶ። ወይም ሦስት ማንኪያ በሶ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር በውሃ ተበጥብጦ። መጠጡን ራሳችሁ ሥሩት፦ በአንድ ሊትር ውሃ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ግማሽ ሊትሩ የአንድ ዙር ድርሻ የሆነውን 30 ግራም ይይዛል። ማንኪያው ለጥ ያለ ይሁን፣ የተቆለለ አይደለም። ስኳሩ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል።

ሌሊቱን ሙሉ በጣፋጭ ብቻ አትዝለቁ። እስከ 10ኛው ዙር ሙዝ፣ ዳቦና መጠጡ ይሁን፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ምላስ ጣፋጭ ይሰለቸዋል። ያን ጊዜ ድንች በጨው፣ የአትክልት ሾርባ፣ ከሌሊት 7 በኋላ ደግሞ ትኩስ አጥሚት በፔርሙስ። አጥሚት ለሌሊት ሩጫ እጅግ ተስማሚ ነው። ማኘክ አይፈልግም፣ ሆድ አይከብድም፣ ከውስጥ ያሞቃል። ቀጠን ተደርጎ ይሠራ፣ ትንሽ ጨው ይግባበት። ቆሎ ግን እየሮጡ አይሆንም፤ ደረቅ ነው፣ ፍርፋሪው ትን ይላል። ጭኮና ወጥ ቅቤና ቅመም ስላለባቸው ለእሁድ ምሳ ይቆዩ።

ውሃ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ በግድ አትጠጡ። ብርድ ባለበት ሌሊት የምታልቡት ትንሽ ነው። በየዙሩ ግማሽ ሊትር ተራ ውሃ የሚገለብጥ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ሊቀጥን ይችላል፤ ይህ ከውሃ ጥም የባሰ አደጋ ነው። ምልክቱ ጣቶች ማበጥ፣ ቀለበትና የሰዓት ማሰሪያ መጥበቅ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ከዚያም ግራ መጋባት ነው። ጣት ማበጡን ካያችሁ ውሃውን አቁማችሁ ጨዋማ ነገር ብሉ። ግራ መጋባትና ማስመለስ ከታከለበት ሩጫው አብቅቷል፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ሲያማችሁ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትዋጡ። በረጅም ሩጫ ጊዜ ኩላሊት ቀድሞውኑ ደም ያንሰዋል፣ እነዚህ መድኃኒቶች ጫናውን ያብሱታል።

6. ከሌሊት 9 እስከ 11፦ እንቅልፍ

የሰው ሰውነት ሙቀቱ ከምንም ጊዜ በላይ የሚወርደው ሊነጋ ሲል ነው። ዓይን የሚከብደው ያኔ ነው፣ ቢሮጡም ባይሮጡም። በእኛ ዕቅድ ይህ ከ19ኛው እስከ 22ኛው ዙር ላይ ይወድቃል። የእነዚያን ዙሮች ሰዓት 44 ደቂቃ ያደረግነውም ለዚሁ ነው።

ዝግጅቱ ከሳምንቱ ይጀምራል። ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት ጨምራችሁ ተኙ። ቅዳሜ ምሳ በልታችሁ ጋደም በሉ፤ እንቅልፍ ባይመጣ እንኳ መጋረጃ ዘግታችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። ቡናውንም አቆዩት። ቅዳሜ ጠዋት የለመዳችሁትን ጠጡ፣ ከዚያ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ምንም ቡና አይኑር። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ለማያስፈልግበት ሰዓት ይባክናል። የመጀመሪያው ሲኒ 8 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው 10 ሰዓት አካባቢ። ባዶ ሆድ ላይ አይሁን፣ ከዳቦ ጋር ይሁን።

ከዚያ ምልክቱን ማወቅ ነው። እንቅልፍ ያሸነፈው ሯጭ መጀመሪያ እግሩን አያነሳም፣ ጫማው የንጣፉን ጠርዝ ይመታል። ቀጥሎ መስመር ይስታል። አንድ ወዳጄን በ20ኛው ዙር ሳጅበው የምጠይቀውን ሁሉ "አዎ" ይለኝ ነበር። "ድንች ላምጣ?" አዎ። "በቃህ?" አዎ። "ዙሩ ስንተኛ ነው?" አዎ። ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል የማኅሌቱ ድምፅ ይሰማል፤ እሱ ግን ዓይኑ ተከፍቶ ተኝቷል።

እንዲህ ያለ ሰው ላይ ወዲያው ቡና አይጨመርም። በቅድሚያ ሦስት ነገር እዩ። በወረቀቱ መሠረት ባለፉት ሁለት ዙሮች በልቷል? ካልበላ፣ ድካሙ የስኳር ማነስ ሊሆን ስለሚችል ጣፋጭ ሻይና ዳቦ ስጡት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። በርዶታል? እርምጃው ሲበዛ ላብ የያዘ ልብስ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ደረቅ ካናቴራ፣ ጃኬት፣ ኮፍያ ቀይሩለት። ሦስተኛው ዝምታ ነው። አጃቢው ያውራው፣ ጥያቄ ይጠይቀው፣ ከ"አዎ" በላይ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልነቃ ይተኛ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደቂቃ ይሰስታል፤ ሆኖም እያንቀላፉ የሚሮጡት አንድ ዙር 55 ደቂቃ ሲፈጅ፣ 15 ደቂቃ ተኝቶ የተነሳ ሰው ቀሪዎቹን ዙሮች በዕቅዱ ይሄዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ግማሽ ሲኒ ቡና ቶሎ ይጠጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ይበል፣ ጋቢ ይልበስ፣ ረዳቱ ስልኩ ላይ 15 ደቂቃ ይሙላ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው እሱ ሲነሳ ነው። ከ20 ደቂቃ አትለፉ። 30 እና 40 ደቂቃ ከተኛ እንቅልፉ ይጠልቃል፣ ሲነሳ ይደነዝዛል፣ ጡንቻውም ይተሳሰራል። ሲነሳ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እርምጃ ብቻ፣ በእጁ ትኩስ አጥሚት ይዞ። ወዳጄ እንዲህ ተነስቶ ነው 21ኛውን ዙር የጀመረው፤ የሜክሲኮ መዞሪያ ላይ ስንደርስ ራሱ ወሬ ጀመረ።

በጥላ ውስጥ ሰው ወይም እንስሳ ማየት እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የሚሠራው ነው፣ በራሱ አያስፈራም። ግን መኪና ያለበትን መንገድ ለማቋረጥ ከዚያ በኋላ አጃቢው ክንዱን ይያዘው።

23ኛው ዙር ላይ ይነጋል። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቅዳሴ ይመጣሉ፣ አደባባዩ ደረጃ ላይ የእሁድ ስፖርተኞች መውጣት ይጀምራሉ። ብርሃን ዓይን ሲነካ እንቅልፉ ይበተናል። ያን ጊዜ ግን ፍጥነት አትጨምሩ። 3 በ3 ያለው ቅንብር እስከ መጨረሻው ይቀጥል፤ የነቃው አእምሮ ነው እንጂ ጡንቻው አላረፈም።

7. ማቆም ያለባችሁ መቼ ነው

ውሃ መያዝ የማይችል፣ የጠጣውን ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስመልስ ሰው ያቁም። እግሩ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ የሚወጋው፣ ሲራመድም የማይለቀው ሰው ያቁም፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የደረት ሕመም ያለበት ወዲያው ያቁም። የውሃ ቁስልና የጭን መቆርጠም ግን የሚያስቆሙ አይደሉም። ቫዝሊንና ደረቅ ካልሲ ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ፣ ጫማውም ማታ እግር ሲያብጥ እንዳይጠብ ከወትሮው ግማሽ ቁጥር ይብለጥ።

8. ከጨረሱ በኋላ

ወዲያው አትቀመጡ፣ ጋቢ ደርባችሁ አስር ደቂቃ ተራመዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምግብ ብሉ። መኪና አትንዱ፤ ቀድሞ ቤቱ ተኝቶ የመጣው ሁለተኛው ረዳት ያድርሳችሁ። ቤት ስትገቡ የመጀመሪያውን ሽንት ቀለም እዩ። ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ጠጡ፣ ተኙ። እንደ ኮካ ወይም እንደ ቡና ከጠቆረ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ኩላሊት እየሄደ ሊሆን ይችላልና፣ ሳትተኙ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።